ለለጋሾች የተሠራውን ስላይድ ለሠራተኞች ማዘጋጀት፦ በአንድ የውሃ ፕሮጀክት ምሳሌ ደረጃ በደረጃ

የለጋሾች ስብሰባ በሰላም ካለቀ በኋላ ከኃላፊዎች የሚመጣ የተለመደ ጥያቄ አለ። «ያንኑ ስላይድ ለሠራተኞችም እናቅርበው። የምስጋናውን ገጽ ብቻ አውጡት።» ቀላል ይመስላል። ግን ያ ስላይድ ገጹ ተቀንሶ ብቻ ሠራተኛ ፊት ሲቀርብ አዳራሹ ጭጭ ይላል። ጥያቄ አለ ሲባል ማንም እጁን አያወጣም። ጥያቄው የሚነሳው በኋላ፣ ሻይ ሲጠጣ ነው።

ለጋሽ ስላይድ ሲያይ የሚፈልገው የሰጠው ገንዘብ ምን እንዳመጣ ማወቅ ነው። ሠራተኛው ግን ሥራውን ራሱ ስለሠራው ይህን መስማት ብዙም አይጠቅመውም። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ምን ይለወጣል? ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እኔስ? ስለዚህ ሥራው ማሳጠር አይደለም። በተመሳሳይ መረጃ ሌላ ጥያቄ መመለስ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። አንድ ድርጅት በአራት ጣቢያዎች የእጅ ፓምፕ ይተክላል። ጣቢያዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ እንበላቸው። ዕቅዱ 48 ፓምፕ ነበር፤ 46 ተተክሏል። ለለጋሾች የቀረበው ስላይድ 18 ገጽ ነው። ትልቁ ገጽ ላይ በደማቁ «በእናንተ ድጋፍ 23,000 ሰዎች ንጹህ ውሃ አገኙ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «89 በመቶ የሚሆኑት ፓምፖች አገልግሎት እየሰጡ ነው» የሚል አለ።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፣ ቁጥሩን ቆልፉ

ዋናውን ፋይል አትንኩ። በሌላ ስም አስቀምጡና ስሙ ላይ «ለሠራተኞች» ብላችሁ ቀኑን ጨምሩ። ከዚያ ስላይዱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ወደ አንድ ወረቀት ገልብጡ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መረጃው እስከ መቼ ያለውን እንደሚያሳይና ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ጻፉ።

ይህ ወረቀት የሚያስፈልገው ለሠራተኛ የሚቀርበው ቁጥር ለለጋሽ ከቀረበው ጋር መጣረስ ስለሌለበት ነው። ዝርዝሩ ሊጨምር ይችላል፣ ትኩረቱ ሊቀየር ይችላል፤ ድምሩ ግን አንድ ነው። በመሃል አዲስ መረጃ ገብቶ ቁጥሩ ከተቀየረ አዲሱን ብቻ አታስቀምጡ። አሮጌውንም ከነቀኑ አብራችሁ አሳዩ። የሠራተኞች ስላይድ ከቢሮ አይወጣም ብላችሁ እንዳትሞኙ። በቴሌግራም ለመዞር አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ለጋሹ ነገ ቢያየው «እኔ ያየሁት ሌላ ነበር» ማለት መቻል የለበትም።

ደረጃ 2፦ ስላይዱን ከመክፈታችሁ በፊት ሠራተኛውን ጠይቁ

ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። አንድ የፊልድ ሠራተኛ፣ አንድ የፓምፕ ቴክኒሻን፣ አንድ ከፋይናንስ ወይም ከስቶር። ሾፌሩንም ጨምሩ፤ ሁሉንም ጣቢያ የሚያየው እሱ ነው። «ምን ብናቀርብላችሁ ትወዳላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ሁሉም ጥሩ ነው» ይሆናል። ይልቅ «ስለዚህ ፕሮጀክት ሰው ሲያወራ የምትሰሙት ጥያቄ ምንድን ነው?» በሉ። ሰው የራሱን ጥያቄ በሌላ ሰው ስም ሲያቀርብ ይቀለዋል።

በምሳሌያችን አራት ጥያቄ መጣ እንበል። 23,000 የሚለውን ማን ቆጠረው? የሐ ጣቢያ ፓምፖች ለምን ቶሎ ቶሎ ይበላሻሉ? መለዋወጫ ለምን ይዘገያል? ኮንትራታችን ይታደሳል ወይ? የሠራተኞች ስላይድ አጥንቱ ይኸው ነው። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ገጽ ከእነዚህ አንዱን መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ይውጣ።

ደረጃ 3፦ ገጾቹን ለዩ

ፓወርፖይንት ላይ View ውስጥ ገብታችሁ Slide Sorter ን ተጫኑ። 18ቱም ገጾች በአንድ ላይ ይታያሉ። ድርጅቱ ማን ነው፣ ውሃ ለምን ያስፈልጋል፣ የወደፊት የገንዘብ ጥያቄ፣ የምስጋና ገጽ፤ እነዚህ በሙሉ ይወጣሉ። የውጤት ማዕቀፉን የሚያሳየው ትልቅ ሠንጠረዥ፣ ሎግፍሬም የሚባለው፣ ወደ መጨረሻ ሄዶ ጥያቄ ሲነሳ የሚከፈት ይሁን። የሚቀሩት አምስት ወይም ስድስት ገጾች ናቸው፤ እነሱም እንደገና ይሠራሉ። ይህ ደረጃ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከወሰደባችሁ ለገጾቹ የሳሳችሁት ለዲዛይናቸው ነው ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ትልቁን ቁጥር ፍቱት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ደረጃ ነው።

23,000 ከየት መጣ? ማንም ሰው አልቆጠረም። 46 ፓምፕ በ500 ሲባዛ 23,000 ይሆናል። 500ው ደግሞ ስፊር ከሚባለው የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ የተወሰደ ነው። መመዘኛው በአንድ የእጅ ፓምፕ ከ500 ሰው በላይ እንዳይጠቀም ይላል። ይህ ጣሪያ እንጂ ቆጠራ አይደለም። ለጋሹ ስላይድ ላይ ግምት መሆኑ በግርጌ ተጽፎ ከነበረ ነውር የለውም። ሠራተኛው ግን ፓምፑ ሥር ቆሞ ስለሚውል ቁጥሩን ከሚያየው ጋር ያስተያየዋል። ካልገጠመለት የቀረውን ስላይድ በሙሉ በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ስለዚህ የሠራተኞች ገጽ ላይ ስሌቱ ራሱ ይውጣ፦ 46 × 500 = 23,000። ከሥሩ «ይህ ግምት ነው። ትክክለኛው የተጠቃሚ ቁጥር በውሃ ኮሚቴዎች መዝገብ ውስጥ ነው» ተብሎ ይጻፍ። መዝገቡ ካለ በየጣቢያው አማካዩን አስቀምጡ። ለምሳሌ በለ ጣቢያ አንዱን ፓምፕ 300 ያህል ሰው ሲጠቀምበት፣ በሐ ጣቢያ ፓምፖቹ ተራርቀው ስለተተከሉ አንዱን ከ700 በላይ ሰው ይጠቀምበታል እንበል። ይህችን አንድ መስመር የፊልድ ሠራተኛ ሲያይ የሐ ጣቢያ ፓምፕ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ይገባዋል። ለለጋሽ በድምር ውስጥ ጠፍታ የነበረችው መረጃ ለሠራተኛው ዋናዋ ሆነች።

89 በመቶውንም እንደዚሁ በትኑት። ከ46 ፓምፕ በመጨረሻው ጉብኝት ቀን ሲሠሩ የተገኙት 41 ናቸው። ካልሠሩት 5 ውስጥ 4ቱ ያሉት ሐ ጣቢያ ነው። በጣቢያ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦

| ጣቢያ | ዕቅድ | የተተከለ | በጉብኝቱ ቀን ሲሠራ የተገኘ |
|---|---|---|---|
| ሀ | 14 | 14 | 14 |
| ለ | 12 | 12 | 12 |
| ሐ | 12 | 11 | 7 |
| መ | 10 | 9 | 8 |
| ድምር | 48 | 46 | 41 |

ሁለት ጣቢያ ላይ ሁሉም ይሠራል። አንድ ጣቢያ ላይ ከ11 ፓምፕ 4ቱ ቆመዋል። አማካዩ ይህን ደብቆት ነበር። በነገራችን ላይ ሐ ጣቢያን በመቶኛ፣ 64 በመቶ ብላችሁ አታስቀምጡ። 11 ፓምፕ ላይ መቶኛ ትርጉሙ ትንሽ ነው፤ አንድ ፓምፕ ሲጠገን ብቻ ቁጥሩ 73 ይሆናል። ለትንሽ ቁጥር «ከ11 ሰባቱ» ማለት ይበቃል።

ሠንጠረዡን ከመቅረቡ በፊት ለሐ ጣቢያ አስተባባሪ አሳዩ። በስብሰባ መሃል ጣቢያው በቀይ ቀለም ተቀብቶ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያስበው ራሱን መከላከል ብቻ ነው። ቀይ ቀለሙንም ተዉት። ጣቢያዎቹን ከምርጥ ወደ ደካማ አትደርድሩ፤ ሁልጊዜ በሚጠሩበት ቅደም ተከተል ይሁኑ። ከ«7» ጎን ምክንያቱ በአጭሩ ይጻፍ። ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከቆመ ሰው ምክንያቱን ከራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም የአንድ ሰው ስም ነው።

ደረጃ 5፦ «ፈተናዎች» የሚለውን ገጽ ወደ ውሳኔ ቀይሩት

የለጋሾች ስላይድ ላይ «የመለዋወጫ አቅርቦት መዘግየት» የሚል መስመር አለ። ለለጋሽ ይበቃ ይሆናል። ለሠራተኛ ግን ባዶ ነው፤ ማን እንዳዘገየው ያውቃልና።

የአንድ ብልሽት ጥያቄ ከጣቢያ ተነስቶ ፓምፑ እስኪጠገን የሄደበትን መንገድ ተከታተሉት። ከጥያቄ ቅጾቹና ከስቶር መዝገብ ቀኖቹን አውጡ። በምሳሌያችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ፓምፑ ውስጥ ያለው ትንሽ የጎማ ዕቃ ነው። ጣቢያው ብልሽቱን በ2 ቀን ሪፖርት ያደርጋል። ዕቃው ከደረሰ ቴክኒሻኑ በ1 ቀን ይቀይረዋል። በመሃል ያሉት 19 ቀናት ዋናው ቢሮ ውስጥ ናቸው፤ ሦስት ፊርማ እየጠበቁ።

ይህን ገጽ ማሳየት ለአስተዳደሩ ያማል። መውጣት ያለበት ግን እሱ ነው። ካላወጣችሁት ሠራተኛው «እኛን ሲነካ ዝርዝር፣ እነሱን ሲነካ ጥቅል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የሐ ጣቢያን 4 ፓምፕ በስም አውጥታችሁ የቢሮውን 19 ቀን «የአቅርቦት መዘግየት» ብላችሁ ማለፍ አትችሉም። ዝርዝሩ ለሁሉም እኩል ይሁን።

ከዚያ ቀጥሎ ውሳኔ ይምጣ፦ ምን ይቀየራል፣ በማን፣ ከመቼ ጀምሮ። ለምሳሌ «እያንዳንዱ ጣቢያ ቶሎ የሚያልቁትን ዕቃዎች በእጁ ይይዛል። አስተባባሪው ያለ ዋናው ቢሮ ፊርማ ያወጣል፤ ያወጣውን በወሩ መጨረሻ ይመዘግባል።» እዚህ ላይ የሚፈጠር ችግር አለ። ስላይድ አዘጋጁ መልካም ሐሳብ ይመጣለትና እንደ ውሳኔ ይጽፈዋል። ፋይናንስ ግን አልሰማም። ስብሰባው ላይ የተባለው ሳይፈጸም ሲቀር ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን የውሳኔ መስመር ፈራሚው አስቀድሞ ይይ። ገና ካልተወሰነ «አልተወሰነም» ብላችሁ ማን እስከ መቼ እንደሚወስን ጻፉ።

ደረጃ 6፦ የስኬት ታሪኩና ፎቶው

ለለጋሹ አንዲት እናት ከነፎቶዋ ቀርባ ነበር፦ ድሮ ሁለት ሰዓት ትጓዝ ነበር፣ አሁን ውሃው ደጇ ነው። ይህን ለሠራተኛው መድገም አያስፈልግም። ሴትየዋን የሚያውቃት፣ ምናልባትም ፎቶውን ያነሳው እሱ ነው። ከዚህም ሌላ ፈቃዷን ስትሰጥ የተነገራት ለምን አገልግሎት እንደሚውል አይታችሁ አረጋግጡ። ለለጋሽ ሪፖርት ብቻ ከተባለች ፎቶው በየስልኩ ለሚዞር ስላይድ አይሆንም።

በቦታው የሥራ ታሪክ አስገቡ። የለ ጣቢያ 12 ፓምፖች ለምን ሁሉም ይሠራሉ? ምናልባት ኮሚቴው ወርሃዊ መዋጮ በሰዓቱ ስለሚሰበስብ፣ ምናልባትም አስተባባሪው ብልሽት ሳይጠብቅ ፓምፖቹን በየተራ ስለሚያይ ይሆናል። ምን እንደተደረገ ሌላው ጣቢያ መቅዳት በሚችልበት ዝርዝር ይነገር። የሚያቀርበውም የጣቢያው ሰው ራሱ ቢሆን ይመረጣል።

ደረጃ 7፦ በጀትና ኮንትራት

የለጋሹ የበጀት ገጽ አጠቃቀሙን በመቶኛ ያሳያል። ሠራተኛው ማወቅ ያለበት የሚቀረውን ነው፦ በየትኛው መስመር ምን ያህል ቀረ፣ እስከ መቼ መጠቀም ይቻላል፣ ማን ያጸድቃል። የደመወዝ መስመሮችን በተናጠል አታሳዩ። «የኢንጂነር ደመወዝ» የሚል መስመር ካለና ኢንጂነሩ አንድ ከሆነ የሰውየውን ደመወዝ ለሁሉም አነበባችሁ ማለት ነው። በአንድ ድምር አጠቃልሏቸው።

የኮንትራቱን ጥያቄ ዘሎ ማለፍ ግን አይቻልም። የለጋሹ ስላይድ ላይ «የፕሮጀክቱ ማጠቃለያ ምዕራፍ» የሚል ርዕስ ነበር። ለሠራተኛ ይህ ማለት ሥራው ሊያልቅ ነው ማለት ነው፤ በዚያው ርዕስ ካቀረባችሁት ሌላ የሚሰማ ሰው አይኖርም። አንድ ገጽ ስጡትና ከሰው ኃይል ክፍል ጋር አብራችሁ ጻፉት። የታወቀው ይቀመጥ፦ ፕሮጀክቱ የሚያበቃበት ቀን፣ ከለጋሹ የተጠየቀ የጊዜ ማራዘሚያ ካለ እሱ። ያልታወቀውም ይቀመጥ፦ ማራዘሚያው ገና መልስ አላገኘም፣ መልሱ ሲመጣ ማን በየት በኩል እንደሚያሳውቅ። «አትስጉ» የሚል ቃል አታስገቡ። ሰው አትስጉ ሲባል ነው የሚሰጋው።

ደረጃ 8፦ ቋንቋውን መስመር በመስመር አስተካክሉ

አሁን ቃናው። የለጋሽ ስላይድ ርዕሶች ውጤት ያበስራሉ፣ ያመሰግናሉ። የሠራተኛ ርዕስ የሆነውን ይናገራል። «በእናንተ ድጋፍ 23,000 ሰዎች ንጹህ ውሃ አገኙ» የሚለው «46 ፓምፕ ተክለናል፤ 5ቱ በጉብኝቱ ቀን አልሠሩም» ይሆናል። «ፈተናዎችና የተወሰዱ እርምጃዎች» የሚለው «አንድ ጥገና 22 ቀን ይፈጃል፤ 19ኙ ቢሮ ውስጥ ነው» ይሆናል። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው ዋናውን ይዞ ይሄዳል።

የለጋሽ ስላይድ «ድርጅቱ» ይላል፣ ወይም «ተከናውኗል» ይላል። አድራጊው አይታይም። ለሠራተኛ አድራጊው ይታይ፦ «የመ ጣቢያ ቡድን ዘጠነኛውን ፓምፕ ተክሎ ጨርሷል»። ነገር ግን «እኛ» ስትሉ ማን ማለታችሁ እንደሆነ ተጠንቀቁ። ስኬት ሲሆን «እኛ»፣ ጉድለት ሲሆን «ጣቢያዎች» ከሆነ ሁሉም ያስተውላል።

ሌላው ወጥመድ ስብከት ነው። ምስጋናውን ሲያወጡ በቦታው «ከእያንዳንዳችን ብዙ ይጠበቃል» የሚል ገጽ የሚያስገቡ አሉ። ይህ ገጽ ምንም መረጃ የለውም፤ አውጡት። ማመስገን ከፈለጋችሁ በተለይ የተሠራውን ሥራ ጠቅሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃል ተናገሩ።

ደረጃ 9፦ ፋይሉን አጽዱ

ስላይዱ ከመላኩ በፊት ውስጡን እዩ። ከሥር የሚጻፈው የተናጋሪ ማስታወሻ ላይ ስለ ለጋሹ የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል። የተደበቁ ገጾችም አብረው ይሄዳሉ። ከኤክሴል የተለጠፈ ግራፍ ደግሞ ሙሉውን የኤክሴል ፋይል በውስጡ ሊይዝ ይችላል፤ ግራፉን ከፍቶ የደመወዙን ገጽ ማየት ይቻላል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ግራፍ ቆርጣችሁ መልሳችሁ በምስልነት ለጥፉት። ከዚያ File ውስጥ Info፣ ቀጥሎ Check for Issues፣ ቀጥሎ Inspect Document ን ተጫኑ። ማስታወሻዎችንና አስተያየቶችን ፈልጎ ያሳያችኋል። የተደበቁ ገጾችን ግን ራሳችሁ በSlide Sorter ፈልጋችሁ ሰርዙ። የሚሰረዘው ስለማይመለስ ይህን በኮፒው ላይ ብቻ አድርጉ። የሚላከው ፒዲኤፍ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ደረጃ 10፦ ለአንድ ሰው ሞክሩት፣ የሚመጣውን እርማት ተቀበሉ

ዝግጅቱ ላይ ላልነበረ አንድ የፊልድ ሠራተኛ አሳዩት። ምንም አታብራሩ። ሲጨርስ «ከሰኞ ጀምሮ ሥራህ ላይ ምን ይቀየራል?» ብላችሁ ጠይቁ። «መለዋወጫውን ራሴ ጋ እይዛለሁ፣ ያወጣሁትን በወሩ መጨረሻ እመዘግባለሁ» ካለ ስላይዱ ሠርቷል። «ጥሩ ነው፣ ግልጽ ነው» ካለ አልሠራም፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

በስብሰባው ቀን አንድ ሰው እርማት እንዲጽፍ መድቡ። ቁጥር በጣቢያ ተበትኖ ሲታይ «መ ጣቢያ ዘጠኝ አይደለም፣ ስምንት ነው፤ አንዱ ገና ርክክብ አልተደረገበትም» የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም። እዚያው አትከራከሩ፣ ስላይዱንም እዚያው አትቀይሩ። በደረጃ 1 በሠራችሁት የቁጥር ወረቀት ላይ የጣቢያውን ስም፣ የተባለውንና የተናጋሪውን ስም መዝግቡና ለክትትልና ግምገማ ክፍል ስጡ። የርክክብ ሰነዱ ታይቶ ሰውየው ልክ ከሆነ 46ቱ 45 ይሆናል፣ 23,000ውም 22,500። መጀመሪያ የሚታረመው ምንጩ ፋይል ነው፤ ከዚያ የሠራተኞቹ ስላይድ፤ ከዚያም እርማቱ ከነምክንያቱ በቀጣዩ ሪፖርት ለለጋሹ ይላካል። እርማቱን ያመጣው ሠራተኛም ቁጥሩ መታረሙ ይነገረው።